ምዕራፍ 7፦ ማታ 2 ሰዓት ተኩል የሚነሳው ስክሪፕት

ከመስሪያ ቤት የሚለቅ የአይቲ ባለሙያ ክሊራንስ ሲያዞር ንብረት ክፍል የሚጠይቀው የታወቀ ነው። በሞዴል 22 ወጪ ሆነው በስሙ የተመዘገቡ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ወንበርና የቁም ሳጥን ቁልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ይመለሳሉ፤ ይፈረማል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን በየማታው ራሱን አስነስቶ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ካለ በየትኛውም ሞዴል ላይ አልሰፈረምና ማንም አይጠይቀውም። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ለጥቂት ወራት እንደ ልማዱ ይሠራል። አንድ ጠዋት የተሳሳተ ቁጥር ሲያወጣ ግን ለምን እንዲያ እንዳደረገ የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም።

ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ስለ ርክክብ በጥቅሉ ከማውራት፣ ፍኖተ ሰላም ከሚገኝ የእህል ተረካቢ መስሪያ ቤት ስለቅ ለተካችኝ ባልደረባዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ማቅረብ መረጥኩ። የመስሪያ ቤቱን ስምና ለውጭ ሰው የማይነገሩ ነገሮችን አውጥቻለሁ። መስሪያ ቤቱ ከመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቆሎ ይረከባል፤ በየመረከቢያ ጣቢያው ሚዛን አጠገብ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ የሚዛን ደረሰኞቹ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ሰርቨር ይመጣሉ። ስክሪፕቱ በየማታው ደረሰኞቹን ደምሮ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት የሚያነበውን የዕለት ሪፖርት ያወጣል። ደብዳቤው ከዚህ ይጀምራል።

*

ውድ እህቴ፣

የይለፍ ቃሎቹን በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጁ አስረክቤአለሁ፤ እዚህ አልጽፋቸውም። ኮዱ `daily_report.py` በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ፓይተን ስለምታውቂ መስመር በመስመር አላስረዳሽም። ልነግርሽ የምፈልገው ከኮዱ የማይነበበውን፣ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተጻፈ ነው። ድመራውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ደረሰኝ የየትኛው ቀን ነው?

ከሰዓቱ ልጀምር። ስክሪፕቱን የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ እንዲህ ይላል፦

```
[Timer]
OnCalendar=*-*-* 20:30:00
Persistent=true
```

20:30 በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ቡሬም ጅጋም ደንበጫም ሚዛን ዘግተው፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ ልከው ወደ ቤታቸው የገቡበት ሰዓት ስለሆነ መረጥኩት። አንድ ሰው በቅን ልቡና «2:30 ነው የተባለው» ብሎ 02:30 ብሎ ቢያስተካክለው ስክሪፕቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ለእኛ ሌሊቱ የትናንትናው ማታ ቅጥያ ነው፤ ለማሽኑ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ አዲስ ቀን ገብቷል። ስለዚህ ማንም ገና ያልመዘነበትን ቀን ሪፖርት አድርጎ ባዶ ሠንጠረዥ ይተውልሻል። ሪፖርቱ ሁሉም ነገር ባዶ ሆኖ፣ ፋይሉም ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ የተፈጠረ ሆኖ ካገኘሽው ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

ሰርቨሩ እንደገና ተጭኖ ሰዓቱ ዩቲሲ ላይ ቢቀር ደግሞ ስክሪፕቱ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ቀኑ ገና ስላልተለወጠ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፤ ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው ለወራት የሚቆየው። `timedatectl` ብለሽ ስትጠይቂው `Africa/Addis_Ababa` እና `+0300` ማለት አለበት። `Africa/Nairobi` ቢልሽ አትደንግጪ፤ በዓለም አቀፉ የሰዓት ሰቅ መዝገብ የአዲስ አበባ ሰዓት ከናይሮቢ ጋር አንድ ተደርጎ ነው የተመዘገበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መብራት ይሄዳል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ከሌለ ስክሪፕቱ አይነሳም። ከላይ የተጻፈው `Persistent=true` ሰርቨሩ ሲበራ ያመለጠውን ሥራ ወዲያው እንዲሠራ ያዘዋል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ማታ ተከታትሎ ቢያመልጥም ሲበራ የሚነሳው አንዴ ነው። ስክሪፕቱ «የዛሬን ሪፖርት አውጣ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ቢያንስ ሁለቱ ቀናት እስከ መጨረሻው ሪፖርት ሳይኖራቸው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ስክሪፕቱ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሪፖርት የወጣለት የመጨረሻ ቀን የቱ እንደሆነ ነው፦

```
day = last_reported + timedelta(days=1)
while day <= today:
    make_report(day)
    day += timedelta(days=1)
```

ይህን አዙሪት «ለምን አስፈለገ» ብለሽ እንዳታወጪው አደራ። በክረምት መብራት በተከታታይ ሲጠፋ ሥራ የሚያቃልልልሽ እሱ ነው።

ቀን የሚያዛባው መብራት ብቻ አይደለም፤ ደረሰኝም ይዘገያል። ከሽንዲ ወዲያ ወንበርማ ውስጥ ያሉት ጣቢያዎች ኔትወርክ ሲጠፋባቸው ደረሰኞቻቸውን በፍላሽ ይዘው የሚመጡት መኪና ሲያገኙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ ፍላሽ ለሁሉም መንገድ ሆነ። በዚህ ምክንያት በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ሁለት ጊዜያት ተጽፈዋል፤ `weighed_at` እህሉ የተመዘነበት፣ `received_at` ደግሞ ደረሰኙ ሰርቨሩ ላይ የደረሰበት ነው። ድመራው ሁልጊዜ በተመዘነበት ቀን ይሄዳል። ገበሬው በእጁ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ያ ቀን ነው፤ ሒሳብ ክፍልም ክፍያውን የሚያመሳክረው በዚያ ነው።

ይህ ውሳኔ የሚያመጣው ጣጣ አለ። የሰኞ ሪፖርት ማታ 412 ኩንታል ብሎ ወጣ እንበል። ረቡዕ ከወንበርማ በመጣ ፍላሽ ሰኞ የተመዘነ 35 ኩንታል ተገኘ። ረቡዕ ማታ ስክሪፕቱ የሰኞን ሪፖርት እንደገና ያወጣና 447 ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ቢጠራሽ ሁለቱም በወጡበት ሰዓት እውነት ነበሩ። ለዚህ ሲባል አሮጌው ፋይል አይጠፋም፤ አዲሱ «የታረመ 2» የሚል ርዕስ ይዞ ከግርጌው የትኛው ጣቢያ ስንት ኩንታል እንደጨመረ ይጽፋል። ለወር ሪፖርት የሚወሰደው የመጨረሻው እርማት ነው።

በዚህ ላይ ዜሮ እና ባዶ የተለያዩ መሆናቸውን አስተውይ። ማንኩሳ በበዓል ቀን ምንም ካልመዘነች 0 ይጻፋል። ከማንኩሳ ወሬ ካልመጣ ግን «አልደረሰም» ነው የሚጻፈው። ስክሪፕቱ ሁለቱን የሚለየው ጣቢያው ሲዘጋ በሚልካት የመዝጊያ መልእክት ነው። ግዢ ባይኖርም መዛኙ ማታ «ዕለቱ ተዘግቷል» የሚለውን መጫን አለበት። አዲስ መዛኝ በተቀጠረ ቁጥር መጀመሪያ የምታስተምሪው ይህን ይሁን። በየቀኑ እህል እየገዛ ሪፖርቱ ላይ ሁልጊዜ «አልደረሰም» የሚባል ጣቢያ ካለ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ላይ ሳይሆን ያልተጫነችው ቁልፍ ላይ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ነገር ነው፤ የሰርቨሩ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ `CR2032` ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ገደማ ትሰጣለች፤ ስታረጅ ይወርዳል። በሞተች ባትሪ ኮምፒውተር ሲነሳ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል የሚባለውን ሰምተሻል። የእኛ ሰርቨር እንደዚያ አያደርግም። ሊኑክሱ መጨረሻ የሚያውቀውን ሰዓት ፋይል ላይ ስለሚያስቀምጥ ሲነሳ ከዚያ ይቀጥላል። መልካም ይመስላል፤ ግን ስህተቱን ይደብቀዋል። 1970 የሚል ቀን ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ ሁለት ቀን ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ግን ዓይን ውስጥ አይገባም።

በምሳሌ እንየው። ዓርብ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት መብራት ሄደ፤ ዩፒኤሱም አለቀ እንበል። መብራቱ የመጣው እሑድ የካቲት 2 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ባትሪዋ ሞታለች፤ ኢንተርኔትም የለም። ሰርቨሩ ሲነሳ ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ 48 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰኞ የካቲት 3 ጠዋት ሥራ ተጀመረ፤ ቡሬም ጅጋም ይመዝናሉ፤ ደረሰኞቻቸው ላይ ሰኞ ብለው ጽፈው በፍላሽ ይልካሉ፤ ምክንያቱም የእነሱ ኮምፒውተሮች ሰዓት ደህና ነው። ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰርቨሩ ቅዳሜ ማታ ነው ብሎ ይነሳል። የቅዳሜን ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ቅዳሜ መብራት ስላልነበረ አንድም የለም። ሁሉንም ጣቢያ «አልደረሰም» የሚል የየካቲት 1 ሪፖርት ያወጣና ይተኛል። የሰኞው እህል ለእሱ ገና ያልመጣ ቀን እህል ነው።

ይህ እንዳይሆን ስክሪፕቱ ከመደመሩ በፊት የመጨረሻውን ደረሰኝ ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል፦

```
if latest_ticket > datetime.now() + timedelta(minutes=30):
    sys.exit("CLOCK BEHIND")
```

ከአሁን በኋላ የተመዘነ እህል ሊኖር አይችልም። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ካለ አንዱ ሰዓት ተሳስቷል፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ ሪፖርት ሳያወጣ ይቆማል። ጠዋት ሪፖርት ካላገኘሽ ሎጉን ክፈቺና `CLOCK BEHIND` የሚል እንዳለ እዪ። ካለ የትኞቹ ጣቢያዎች ቀድመው እንደታዩ ተመልከቺ። ሁሉም ከቀደሙ የቀረው የእኛ ሰርቨር ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ከቀደመ የተሳሳተው የዚያ ጣቢያ ኮምፒውተር ነውና ወደዚያ ደውዪ። ይህ መከላከያ የማይይዘው አንድ ነገር አለ፤ ከየትኛውም ጣቢያ ደረሰኝ ካልመጣ የሚያመሳክረው የለውም። ስለዚህ ረጅም የመብራት መጥፋት ባለፈ ቁጥር ስክሪፕቱን ሳትጠብቂ የሰርቨሩን ሰዓት ከእጅ ስልክሽ ጋር አስተያዪ።

ሰዓቱን በእጅ የምታስተካክዪው እንዲህ ነው። በምሳሌው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደርሺ፦

```
sudo timedatectl set-ntp false
sudo timedatectl set-time "2025-02-10 08:00:00"
```

የመጀመሪያውን መስመር ካልጻፍሽ ሁለተኛውን እምቢ ይላል። የሚፈልገው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት 08:00 ተብሎ ይጻፋል። ኢንተርኔት ሲመለስ `false` ያልሽውን `true` አድርጊው። ከዚያ ስክሪፕቱን በእጅሽ አስነሺው፤ ያመለጡትን ቀናት ከላይ ያየሽው አዙሪት ራሱ ይሞላቸዋል። ባትሪዋን ለመቀየር ሰርቨሩን ከመሰኪያው ንቀዪው። የባትሪ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የግዢ ጥያቄው ሂደት ስለሚረዝም ግን ሁለት ትርፍ ባትሪ መሳቢያው ውስጥ ትቼልሻለሁ።

አሁን የቀረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዳታቤዙ ቀን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው፤ የፋይል ስምም እንዲሁ፤ በስም ሲደረደር ቅደም ተከተሉን ስለሚጠብቅ። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን የእኛ ቀን ነው። በመካከላቸው ያለችው ተርጓሚ ይህች ናት፦

```
def ethiopian(d):
    q, r = divmod(d.toordinal() - 2431, 1461)
    n = r % 365 + 365 * (r // 1460)
    year = 4 * q + r // 365 - r // 1460
    return year, n // 30 + 1, n % 30 + 1
```

1461 የአራቱ ወንጌላውያን ዘመናት ቀን ድምር ነው። ዮሐንስ፣ ማቴዎስና ማርቆስ እያንዳንዳቸው 365፣ ሉቃስ 366። ስሌቱ ዙሩን ከዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ የዙሩ የመጨረሻ ቀን የሉቃስ ጳጉሜን 6 ናት። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የዚያች ቀን ቁጥር 1460 ነው፤ `r // 1460` ከእሷ በቀር ለሌላ ቀን ሁሉ ዜሮ ይሰጣል። `r // 1460`ን ከኮዱ ብናወጣው ጳጉሜን 6 የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ሆና ትታተማለች። 2431 ደግሞ ፓይተን ቀን መቁጠር የሚጀምርበትን ከእኛ ዙር መጀመሪያ ጋር የሚያገናኝ ቁጥር ነው።

ይህን ያህል የምዘረዝርልሽ አንድ ቀን አንድ ሰው «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ የቀኑን ልዩነት ማስተካከል አይበቃም ወይ» ብሎ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሊተካው ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሦስት ዓመት በትክክል ይሠራል፤ በአራተኛው ይሳሳታል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው በፈረንጅ መስከረም 11 ሳይሆን 12 ነው። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ ፈረንጆቹ በየካቲታቸው 29ኛ ቀን እስኪጨምሩ፣ እስከ የካቲት 2016 ድረስ ቆየ። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 መዋሉን ታስታውሻለሽ፤ ለዚህ ነበር። በቋሚ ልዩነት የሚሠራ ሠንጠረዥ ያን ቀን ታኅሣሥ 29 ይለዋል፤ የአምስት ወር ደረሰኝም በአንድ ቀን ይዛነፋል። የወር መጨረሻ ላይ የተመዘነው ደግሞ ወር ይለውጣል።

ኮዱን ከነካሽ በኋላ እነዚህን ሦስት ቀናት ፈትኚ። `2023-09-11` ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መሆን አለበት። `2024-01-07` ታኅሣሥ 28 ቀን 2016፣ `2025-09-11` መስከረም 1 ቀን 2018። አንዱ ከተሳሳተ ለውጡን መልሺው።

የወር ድምር ላይ 13ኛ ወር አትርሺ። ከ1 እስከ 12 የሚቆጥር አዙሪት የጳጉሜንን እህል ያለ ድምፅ ይጥለዋል። በእኛ መስሪያ ቤት ውሳኔ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትደመራለች። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ወሩ 11፣ 12 ወይም 13 ከሆነ ስክሪፕቱ ዓመቱ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ሐምሌ 2017 የ2018 በጀት ዓመት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የማኅበራቱ ድመራ የሚሄደው በኮድ ቁጥር ነው፤ በስም እንዳታደርጊው። መዛኞቹ አንዱ «ፍኖተ ሰላም» ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ብለው ይጽፋሉ፤ ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቦታ ይሆንና ድምሩን ይከፍለዋል። ሌላው፣ ፋይሉ የሚጻፍበትን `utf-8-sig` ወደ `utf-8` አትለውጪ። የመጨረሻዋ `sig` ኤክሴል ፊደላችንን እንዲያውቅ የምታደርግ ምልክት ናት፤ ከወጣች ሥራ አስኪያጁ የሚከፍተው ሪፖርት ላይ በአማርኛ ፈንታ ትርጉም የለሽ ምልክት ይታያል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም።

ጠዋት ስትገቢ የሪፖርቱን ግርጌ አንብቢ። የደረሰኝ ብዛት፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ሰዓት፣ ያልደረሱ ጣቢያዎች እዚያ ተጽፈዋል። የመጨረሻው ደረሰኝ ሰዓት ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁሉም ደህና ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ላይ ቆሞ ካገኘሽው ከየትኛው ጣቢያ እንደተቋረጠ ፈልጊ።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 ቅዳሜ፣ በ2019 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ `2027-09-11`። ያን ዕለት ማታ የወጣው ሪፖርት ላይ ቀኑ «ጳጉሜን 6 ቀን 2019» መባሉን፣ የእሑዱም «መስከረም 1 ቀን 2020» መባሉን በዓይንሽ እዪ። አንቺም ከዚያ በፊት የምትለቂ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ከክሊራንሱ ወረቀት ጋር ለተተኪሽ አስፈርመሽ አስረክቢ።